የ15 ሰከንድ ማስታወቂያ ለጫማ ቤት፦ ከሦስቱ ጽሑፎች የትኛው ገንዘብ ይገባዋል?

ሐዋሳ ላይ አነስተኛ ሱቅ ያለው ሰው ማስታወቂያ ሲያሠራ የሚከራከረው በአየር ሰዓት፣ በቀረጻ ወይም በሞንታርቦ ኪራይ ዋጋ ላይ ነው። ጽሑፉን ግን አንዴ አይቶ «ጥሩ ነው» ይልና ያልፋል። 15 ሰከንድ ውስጥ ደንበኛን የሚያመጣውም የሚያባክነውም ጽሑፉ ስለሆነ፣ ከመክፈልዎ በፊት ማወዳደር ያለብዎት እሱን ነው።

አንድ ሱቅ እንውሰድ። ገብርኤል አካባቢ ያለች፣ የተማሪ ጫማ የምትሸጥ ሱቅ ናት፤ ስሟን «እገሌ ጫማ ቤት» እንበላት። ትምህርት ሊከፈት ሰሞን ሦስት ዓይነት ጽሑፍ ቀርቦላታል።

ሀ. የተለመደው

> ውድ የሐዋሳና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ እንኳን ለአዲሱ የትምህርት ዘመን በሰላም አደረሳችሁ! እገሌ ጫማ ቤት የወንድ፣ የሴትና የልጆች ጫማዎችን፣ ቦርሳና ቀበቶዎችን በጥራትና በተመጣጣኝ ዋጋ ይዞላችሁ ቀርቧል። ዛሬውኑ ይጎብኙን፣ ይደሰታሉ! አድራሻችን ገብርኤል ከባንኩ ፊት ለፊት፤ ስልክ ቁጥር ዜሮ ዘጠኝ…

ለ. ጭውውት

> — አንተ ልጅ፣ ጫማህ ምን ሆነ?
> — አፉን ከፈተ እማዬ!
> — ባለፈው ወር አይደል እንዴ የገዛሁልህ?
> — እኔ ምን ላድርግ? ኳስ እንኳን አልተጫወትኩበትም!
> — ወይኔ! እገሌ ጫማ ቤት ብሄድ ኖሮ!

ሐ. ባለአራት ክፍሉ፦ መጥሪያ፣ አንድ ጥቅም፣ ማስረጃና መዝጊያ

> የልጅዎ ጫማ ጥር ሳይገባ አፉን ከፈተ? የእኛ የተማሪ ጫማ እስከ ሰኔ ይዘልቃል። ሶሉ ዙሪያውን በክር የተሰፋ ነው፤ ከተላቀቀ በነጻ እንሰፋለን። እገሌ ጫማ ቤት፣ ገብርኤል፣ ከባንኩ ፊት ለፊት።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንያዝ። አማርኛን ጥርት አድርጎ፣ ሳይጣደፍ የሚያነብ ሰው በሰከንድ ስድስት ፊደል ገደማ ይላል ብለው ቢያስቡ ለሥራ ይበቃዎታል። ስለዚህ 15 ሰከንድ የሚይዘው 90 ፊደል አካባቢ ነው። ቃላትን መቁጠር አማርኛ ላይ አያስተማምንም፤ «ሶሉ» አንድ ቃል ነው፣ «እንሰፋለን»ም አንድ ቃል ነው፣ የሚወስዱት ጊዜ ግን እኩል አይደለም። ፊደል ይቁጠሩ።

በዚህ ሚዛን የሐ ጽሑፍ 88 ፊደል ነው፤ ልክ ነው። የሀ ጽሑፍ ስልክ ቁጥሩ ሳይገባ 135 ነው። አሥሩ የስልክ አኃዞች አንድ በአንድ ሲነበቡ ሌላ 30 ገደማ ይጨምራሉ፤ ጠቅላላው ወደ 27 ሰከንድ ይወስዳል ማለት ነው። አንባቢው በ15 ሰከንድ ጨርስ ሲባል ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ይሮጣል፣ አድራሻው ጋ ሲደርስ ትንፋሹ ያልቅበታል። «ውድ የሐዋሳና» ብሎ የሚጀምረው ሰላምታ ብቻውን 45 ፊደል አለው። የተገዛው ጊዜ ግማሹ ሳይሸጥ አለቀ። ሰላምታ ባህላችን ነው፣ ሱቅ ለገባ ሰው ግዴታ ነው፤ ማስታወቂያ ላይ ግን ለምን እንደተጠራ ያላወቀ ሰው ጆሮውን አይሰጥም።

መጥሪያው፦ ሐ እና ለ ይቀራረባሉ

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰከንዶች ሥራ «ይሄ እኔን ነው» ማሰኘት ነው። የጭውውቱ መጥሪያ ጥሩ ነው፤ የእናትና የልጅ ድምፅ ጆሮ ይስባል፣ «አፉን ከፈተ» የሚለውም ቤት ውስጥ የሚነገር ቃል ነው። ሐም ይህንኑ ቃል በአንድ ጥያቄ ይዞታል። ልዩነቱ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ሐ በ18 ፊደል፣ ማለትም በሦስት ሰከንድ ይጨርሰዋል፤ ጭውውቱ ግን አምስት ጊዜ ይመላለሳል፣ በየመልሱ መሐልም እረፍት ይፈልጋል። ሱቁ ሲጠራ ጊዜው አልቋል። ሱቁ የት ነው? ጫማው ለምን አይላቀቅም? መልስ የለም። ሰው ልጁን ያስታውሳል፣ ሱቁን አያስታውስም። ጭውውት ለ30 ሰከንድና ከዚያ በላይ ለሚገዛ ሰው እንጂ ለ15 ሰከንድ አይመከርም።

ዋጋን መጥሪያ የሚያደርጉም አሉ። ይሠራል፣ ግን ቶሎ ያረጃል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የገባ ዕቃ ዋጋ ሲለዋወጥ እያየን ነው። ዋጋ የተናገረ ማስታወቂያ ዋጋው በተለወጠ ማግስት ከደንበኛ ጋር ያጨቃጭቃል።

አንዱ ጥቅም፦ ሀ የሚወድቅበት ቦታ

ሀ አምስት ዕቃና ሁለት ጥቅም ዘርዝሯል፤ «በጥራትና በተመጣጣኝ ዋጋ» የሚለውን ግን የጎረቤቱም ጫማ ቤት ይለዋል። ሁሉም የሚለው ነገር ደንበኛን ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው አያዞረውም። ባለሱቆች አንዱን ጥቅም መርጠው ሌላውን መተው ያማቸዋል፤ የከፈልኩት ሁሉንም ለማስተዋወቅ ነው ይላሉ። ገብቶ ጫማ የገዛ ሰው ቀበቶውን ያየዋል፤ ማስታወቂያው ማድረግ ያለበት በሩ ድረስ ማምጣት ነው።

የቱን ይመርጣሉ? ወላጅ ሌላ ሦስት ጫማ ቤት አልፎ እርስዎ ጋ እንዲመጣ የሚያደርገውን። ጫማ ላይ ወላጅን የሚያንገበግበው ገና በግማሽ ዓመት ሁለተኛ መግዛት ነው፤ ስለዚህ ሐ «እስከ ሰኔ ይዘልቃል» ብሎ አንዱን ያዘ። ልብ ይበሉ፣ ጥቅሙ ስፌቱ አይደለም። ወላጅ ክር አይገዛም፤ ዓመቱን የሚጨርስ ጫማ ነው የሚገዛው። ክሩ ለምን እንደሚዘልቅ የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

ጫማዎ የተሰፋ ካልሆነ ይህን ጽሑፍ አይግዙ፣ ሌላ ጥቅም ይፈልጉ። ለምሳሌ ከ28 እስከ 43 ያለው ቁጥር ሁሉ መደርደሪያዎ ላይ ካለ፣ ሦስት ልጅ ላለው ወላጅ «የሦስቱንም በአንድ ቀን ይገዛሉ» ማለት ትልቅ ነገር ነው።

ማስረጃው፦ ገንዘብዎ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው

ሀ ማስረጃ የለውም፤ «ይደሰታሉ» ምኞት ነው። ለም የለውም። «ደንበኞቻችን ይመስክሩ» ብለው የሚጽፉም ምስክሩን አያቀርቡትም። ለትንሽ ሱቅ የሚያዋጣው ማስረጃ ደንበኛው በእጁ ይዞ ሊያረጋግጠው የሚችለው ነው፤ ትልቅ ስም የሌለው ሱቅ ቃሉን ብቻ ይዞ አይታመንም።

የሐን ማስረጃ ቀረብ ብለን እንየው። «ሶሉ ዙሪያውን በክር የተሰፋ ነው» ይላል። ገበያ ላይ ግን ስፌት የሚመስል መስመር ጎማው ላይ አብሮ የታተመባቸው፣ በማስቲሽ ብቻ የተለጠፉ ጫማዎች አሉ። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ለመለየት የጫማውን የውስጥ ንጣፍ ያንሱ፤ እውነተኛ የጎን ስፌት ከሆነ ክሩ ከውስጥ በኩል ጠርዙን ተከትሎ ይታያል። ውስጡ ልሙጥ ከሆነ ውጭ ያዩት መስመር ጌጥ ሊሆን ይችላልና አቅራቢዎን ሳይጠይቁ ማስታወቂያ አያስነግሩ። ይህን ሳያዩ ያስነገሩ እንደሆነ፣ ጫማው የተላቀቀበት ወላጅ ብቻ አይደለም የሚጠይቅዎት። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

ቀጥሎ «ከተላቀቀ በነጻ እንሰፋለን» የሚለው አለ። ይህ በራሱ ማስረጃ አይደለም፣ ቃል ኪዳን ነው፤ ኪሳራውን ግን ሻጩ ስለተሸከመው ከፊቱ ያለውን ማስረጃ ያጠነክራል። ጽሑፉን ከመግዛትዎ በፊት ሒሳቡን ይሥሩ፤ የሚሰፋልዎት ጫማ ሰፊ ማነው፣ ለአንድ ጥንድ ስንት ያስከፍላል፣ ከአቅራቢው ያመጡት ጫማ ባለፈው ዓመት ምን ያህሉ ተመለሰ? ካላዋጣዎት ይህን ሐረግ ያውጡና በምትኩ «ንጣፉን አንስተው ክሩን ይዩት» ይበሉ። ወጪ የለውም፣ ሱቅ ድረስ መምጣትንም ይጠይቃል። እኔ እንዲያውም ይህንን እመርጣለሁ።

መዝጊያው፦ ሐም ይወድቃል

የመጨረሻው ሦስት ሰከንድ ስምና ቦታ ነው። ስልክ ቁጥር በጆሮ ተሰምቶ አይያዝም፤ አምስት ሰከንድ በልቶ ይጠፋል። ሀ ስህተቱ ይህ ነው። ሐ ቁጥሩን ትቶታል፣ ግን «ከባንኩ ፊት ለፊት» ይላል። የቱ ባንክ? ባንክ የሌለበት መንገድ በሐዋሳ ማግኘት ይከብዳል።

መዝጊያ የሚፈተነው በባጃጅ ነው። ሠፈርዎን የማያዘወትር የባጃጅ ሹፌር ፈልገው የመዝጊያውን ቃል ብቻ ይንገሩት። «እሺ» ብሎ ከተነሳ ይሠራል፤ «የቱ ጋ?» ብሎ ከጠየቀ ጽሑፉ ይመለስ። ለዚህች ሱቅ «ከገብርኤል ወደ ሐይቁ ሲወርዱ» ቢባል 15 ፊደል ነው፤ ከቀድሞው አንድ ፊደል ብቻ ይበልጣል፣ አቅጣጫም ይሰጣል።

የትኛውን የት?

ለራዲዮ ሐን፣ መዝጊያውን አስተካክለው ይግዙ።

ለቲክቶክና ለቴሌግራም ቪዲዮም ሐን፣ ግን አሳጥረው። ብዙ ሰው ድምፅ ዘግቶ ስለሚያይ የመጥሪያው ጥያቄ ከመጀመሪያው ቅጽበት ስክሪኑ ላይ በትልቁ ይጻፍ። ማስረጃውን አይናገሩት፤ እጅ ንጣፉን ሲያነሳና ክሩ ሲታይ ቀርበው ይቅረጹት። ያኔ «ሶሉ ዙሪያውን በክር የተሰፋ ነው» የሚለው 16 ፊደል ይቀራል፣ ተናጋሪውም ይተነፍሳል።

ሞንታርቦ ይለያል። መኪናው እያለፈ ስለሆነ ቆሞ የሚሰማ ሰው ከመሐል ይጀምራል፣ ከመሐልም ያቋርጣል። አንዱ ዓረፍተ ነገር በሌላው ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ ትርጉም አይሰጠውም፤ «የእኛ» የሚለው የማን እንደሆነ አያውቅም። ስለዚህ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር «የእገሌ ጫማ ቤት የተማሪ ጫማ እስከ ሰኔ ይዘልቃል» ይሁን፤ ስሙ በአንድ ዙር ሁለቴ ይጠራል። አምስት ፊደል ስለሚጨምር፣ ከተላቀቀ የሚለውን ሐረግ እዚህ ላይ መተው ነው።

ሀን የምገዛበት አንድ አጋጣሚ አለ፤ ሱቁ ቦታ ሲቀይር። ያኔ መልእክቱ ማስረጃ አያስፈልገውም፣ «ከፒያሳ ወደ ገብርኤል ተዛውረናል» ማለት ይበቃል። ሰላምታው ያኔም ይውጣ።

ለየትኛውም ቢሆን ጽሑፉን በወረቀት ብቻ አይቀበሉ። ጸሐፊው በስልኩ አንብቦ ቀድቶ፣ ሰዓቱን አሳይቶ ያምጣው። ቅጂውን ሱቅዎን ለማያውቅ ወላጅ አንዴ ብቻ ያሰሙ፣ ሌላ ወሬ ያውሩ፣ ከዚያ ምን እንደሚሸጥ፣ ለምን እንደሚሻልና የት እንደሆነ ይጠይቁት። «ጫማ» ብቻ ካለ ጥቅሙ አልተሰማም። ጥቅሙን ነግሮዎት «እውነት ግን?» ካለ ማስረጃው ደካማ ነው። ሁሉንም መልሶ ስሙን ከረሳ፣ የሱቁ ስም የተነበበበት ፍጥነት ይታይ፤ ብዙውን ጊዜ ከስሙ በኋላ ግማሽ ሰከንድ ዝምታ ማስገባት ያስተካክለዋል።