ፎቶው «ለገጣፎ፣ ግንቦት 10» ስላለ ብቻ ገንዘብ እንዳትልኩ

ከውጭ ሆናችሁ አገር ቤት ቤት የምታሰሩ ሰዎች፣ ይቺን ሳታነቡ ቀጣዩን ክፍያ አትልኩ። እኔ የአንድ ዙር ክፍያ ተበልቼባታለሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ለገጣፎ ላይ ቤት እያሰራሁ ነበር፤ እያሰራሁ መስሎኝ ነበር ብል ይሻላል። ከተቋራጩ ጋር የተስማማነው ክፍያው በደረጃ እንዲሆን ነው። መሰረት ሲያልቅ፣ ኮለን ሲቆም፣ ሶሌታ ሲሞላ። ማስረጃው ደግሞ ፎቶ። «በቴሌግራም በፋይል ነው የምልክልህ፣ ቦታውንም ቀኑንም ራስህ ታየዋለህ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቴሌግራም ላይ እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ቦታና ሰዓቱ ይጠፋል፤ በፋይል ሲላክ ግን ይቀራል። ይሄን ማወቁ ራሱ ሰውየውን ታማኝ አስመሰለብኝ።

የኮለኑ ፎቶ ሲመጣ ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ካርታው ላይ ነጥቧ ልክ መሬቴ ላይ አርፋለች። ቀኑም ልክ ነው። ከፈልኩ። የሶሌታው ፎቶ ሲመጣም ልከፍል ነበር። ያቆመኝ ሰዓቱ ነው። «04:15» ይላል። የስልክ ካሜራ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሚጽፍ ይሄ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከሩብ ማለት ነው። ፎቶው ላይ ግን ፀሐይ ፌሮው ላይ ታብለጨልጫለች፣ ሠራተኞቹ በጃንጥላ ተጠልለዋል። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውየው ረፋድ አራት ሰዓት ከሩብ ለማለት ነው «04:15» ብሎ የጻፈው። የኛ ሰዓት አቆጣጠር አጋለጠው።

እውነት ለመናገር ይሄ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስልኩን በእጁ በሐበሻ ሰዓት የሞላ ሰው አለ፤ አጎቴ ራሱ እንደዛ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብዬ `exiftool` በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፋይሉን ከፈትኩት።

```
exiftool -a -G1 -s -time:all -gps:all soleta.jpg
```

ብዙ መስመር ይወጣል። ወሳኞቹ እነዚህ ነበሩ፦

```
[ExifIFD] DateTimeOriginal : 2024:05:18 04:15:00
[GPS]     GPSDateStamp     : 2023:11:04
[GPS]     GPSTimeStamp     : 07:17:29
[GPS]     GPSAltitude      : 1668 m
[Samsung] TimeStamp        : 2023:11:04 03:17:31.442-04:00
```

የመጀመሪያው መስመር ስልኮቻችን «የተነሳበት ቀን» ብለው የሚያሳዩን ነው። ቀን መቀየሪያ አፖች የሚነኩትም በዋናነት እሱን ነው። ግንቦት 10 ቀን 2016 ይላል። ሰከንዱ ደግሞ ድፍን ዜሮ ነው፤ በእጅ የተጻፈ ሰዓት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ ሰው ሰከንድ መሙላት ይሰለቸዋል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ስልኩ ቦታውን ሲለይ አብሮ የሚጽፈው ቀንና ሰዓት ነው። የሚጻፈው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው። የኢትዮጵያን ለማግኘት ሦስት ሰዓት ትጨምራላችሁ፤ 07:17 ላይ ሦስት ስትጨምሩ 10:17፣ ማለትም ረፋድ አራት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ። ሰዓቱ ለውሸቱ ቅርብ ነው፣ ቀኑ ግን ጥቅምት 24 ቀን 2016 ነው። በሁለቱ መካከል 196 ቀን አለ። ስልክ አንዳንዴ ከደቂቃዎች በፊት የያዘውን ቦታ ስለሚጠቀም የጥቂት ደቂቃ ልዩነት ቢታይ ምንም አይደለም። የስድስት ወር ልዩነት ግን በዚህ አይመካኝም።

የመጨረሻው መስመር በጣም ደስ ያለኝ ነው። ብዙ የሳምሰንግ ስልኮች ከምስሉ ኋላ፣ በፋይሉ ጭራ ላይ፣ የተነሳበትን ቅጽበት ለብቻው ይጽፋሉ። ቀን የሚቀይረው አፕ ጭራውን ሳያየው አለፈ። እኔ ጋ 03:17 የሚለው ፕሮግራሙ በኔ ኮምፒውተር ሰዓት ስለሚያሳየው ነው፤ ከዩቲሲ አራት ሰዓት ወደ ኋላ ነን፣ 07:17 ይሆናል። ሁለት የማይተዋወቁ ቦታዎች አንድ ዓይነት ቀን መሰከሩ።

ቦታውስ? ነጥቧ ለገጣፎ ላይ ናት፣ ከፍታው ግን 1,668 ሜትር ይላል። ለገጣፎ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የስልክ ከፍታ በአሥር በሃያ ሜትር ይሳሳታል፤ በስድስት መቶ ሜትር ግን አይሳሳትም። ካርታ ላይ ነጥብ የሚያዛውር ሰው የሚቀይረው ኬንትሮስና ኬክሮሱን ነው፣ ከፍታውን ይረሳዋል። ፎቶው አዳማ ይነሳ ሐዋሳ ቁጥሩ አይነግረኝም። ብቻ የኔ መሬት ላይ አልተነሳም።

ደወልኩለት። «ወንድሜ፣ ስልኬ ሰዓቱ እየተበላሸ ነው» አለኝ። ጥሩ፣ እሱንም እንፈትሽ። የስልክ ሰዓት አንዴ ከተሳሳተ እስኪስተካከል ድረስ ሁሉም ፎቶ ላይ ስህተቱ እኩል ነው የሚሆነው። የላከልኝን ስድስቱንም ፎቶ ደረደርኳቸው። የመሰረቱ ሁለት ፎቶዎች ላይ ልዩነቱ ዜሮ ነው፣ ከፍታቸውም የለገጣፎ ነው። የኮለኑ ሁለቱ 171 ቀን ይለያያሉ። የሶሌታው ሁለቱ 196። ከአንድ ስልክ የወጡ ናቸው። መሰረቱ የኔ ነበር፣ ከዚያ በላይ ያለው የሌላ ሰው ቤት ነው።

እናንተም ስትፈትሹ አንዲት ፎቶ ይዛችሁ አትፍረዱ። ከዚያው ስልክ ዛሬ የተነሳ አንድ ፎቶ በፋይል አስልኩና አጠገቧ አድርጉት። አንዳንድ ስልክ የጂፒኤስ ሰዓት ጭራሽ አይጽፍም፣ የሳምሰንጉ ጭራም ሌላ ስልክ ላይ የለም። ስለዚህ መስመሩ ስለጠፋ ብቻ ሰው ሌባ አይባልም። ናሙናው ላይ ኖሮ የተላከላችሁ ላይ ከጠፋ ግን ጠይቁ። `FileModifyDate` የሚለውን ደግሞ እርሱት፤ እናንተ ያወረዳችሁበት ቀን ሊሆን ይችላል።

ይሄ ምርመራ የሚሠራው ለአንድ ወገን ብቻ ነው። መስመሮቹ በስልክ ሰዓት ስህተት በማይመካኝ መጠን ከተጣሉ ተነካክቷል። ከተስማሙ ግን እውነት ነው ማለት አይደለም። ፎቶ ከማንሳቱ በፊት የስልኩን ቀን የቀየረና የውሸት ጂፒኤስ አፕ የከፈተ ሰው ካሜራው ራሱ ውሸቱን ይጽፍለታል። `exiftool` ራሱም የተነሳበትን ቀንና የጂፒኤሱን መስመሮች አስማምቶ መጻፍ ይችላል። የኔው ሰውዬ ሰነፍ ስለሆነ ነው የተያዘው።

አሁን ውሉ ላይ ፎቶ የሚለውን አስወጥቼዋለሁ። ከመክፈሌ በፊት የአክስቴ ልጅ ቦታው ላይ ቆማ በቪዲዮ ትደውልልኛለች። መጀመሪያ የደወለችልኝ ቀን ከመሰረቱ ዳር እስከ ዳር አሳየችኝ። በቡቃያ ፌሮ መካከል ሣር በቅሏል፣ የጎረቤት ፍየል ታስራበታለች።