የዋንዛ ገበጣ፦ ከሰኔ እስከ የካቲት ከተጫወትንበት በኋላ

ከልጅ ልጄ ጋር የመጀመሪያ ጨዋታችንን የገዛነው ሰኔ ላይ፣ መርካቶ ነው። ሻጩ ዳማም፣ ቼዝም፣ ገበጣም ደርድሯል። የልጁ ዓይን በማጠፊያ የሚከደን፣ ቫርኒሽ የተቀባ ገበጣ ላይ አረፈ። «አባባ፣ ይሄ እኮ እንደ ሻንጣ ይዘጋል!» አለኝ። ማጠፊያው በትንንሽ ሚስማር ብቻ ስለተያዘ በልጅ እጅ እንደማይከርም ገባኝ። ከአንድ እንጨት የተፈለፈሉ ሁለት የዋንዛ ገበጣዎች አንስቼ አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ እጁ አስያዝኩት። መጠናቸው እኩል ነው። «ይሄኛው ይከብዳል፣ ደግሞ ይቀዘቅዛል» አለ። ያ ገና ያልደረቀ እንጨት ነው፤ ቤት ገብቶ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀለል ያለውን እሱ ራሱ መረጠ።

ክረምቱን ምንም አልሆነም። ጥር ላይ ብርዱና ደረቁ አየር ሲመጣ ግን ጫፉ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጣች። እንጨት ሁሌም ቀድሞ የሚደርቀው በተቆረጠበት ጫፍ ስለሆነ ችግሩ ከዚያ ይጀምራል። የኑግ ዘይት በጨርቅ ቀባሁት፣ ከመስኮቱ ፀሐይም አራቅሁት፤ ስንጥቋ እዚያው ቀረች።

ያበሳጨኝ አብሮ የተሰጠን ባቄላ ነው። ነቀዝ በላው። አሁን ልጁ ከወንዝ ዳር የለቀማቸው ድቡልቡል ጠጠሮች አሉን፣ ሲወድቁ ድምፃቸው ራሱ ደስ ይላል።

አጨዋወቱ በየአገሩ ይለያያል። እኛ በእያንዳንዱ 12 ቤት 4 ጠጠር አድርገን በ48 እንጀምራለን። ወደ ቀኝ እየዘራን የመጨረሻዋ ጠጠር ጠጠር ያለበት ቤት ከገባች ያለውን ሁሉ አንስተን እንቀጥላለን፣ ባዶ ቤት ከገባች እንቆማለን። ባዶው ቤት የራሳችን ከሆነ ፊት ለፊቱ ያለውን እንበላለን።

ልጁ መጀመሪያ ሁሌ ከግራ ጫፍ ነበር የሚያነሳው፣ ምክንያቱም ጉዞው ረጅም ነው፦ 4 ይዘራል፣ 5 ያነሳል፣ እንደገና 5፣ ከዚያ 6፣ ደግሞ 6። ሁለቴ ዞሮ የራሱ ሦስተኛ ቤት ላይ ይቆማል። ፊት ለፊቱ ያለው ግን አንዲት ጠጠር ብቻ! ይህን ሦስት አራት ጊዜ ካየ በኋላ፣ አሁን ሳይነካ በዓይኑ ይቆጥራል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። ለኔ ከዚህ ገበጣ የተገኘው ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

አንድ ጉድለት አለው፣ የጫፍ ቤቶቹ ጥልቀት ያንሳቸዋል። ጠጠር ሲበዛባቸው ወደ ጎረቤት ቤት ይፈሳሉ፣ ከዚያ «ያ የኔ ነው» የሚል ክርክር ይነሳል። ልትገዙ ከሄዳችሁ እያንዳንዱ ቤት ውስጥ አሥር አሥር ጠጠር አስገብታችሁ ገበጣውን ትንሽ ነቅነቅ አድርጉት፤ ካልፈሰሰ ውሰዱት።