ደሴ ባንክ ወይስ ኮምቦልቻ ፋብሪካ?

አካውንቲንግ ጨርሰህ ሁለት ቦታ አለፍክ እንበል፦ ደሴ ፒያሳ ቴለር፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ጀማሪ ኮስት አካውንታንት። ባንኩ ደረጃው ግልጽ ነው፤ የውስጥ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ትወዳደራለህ። ግን ብር መቁጠሩ በጥቂት ወር ይለመዳል፣ ከዚያ የምትማረው ይቀንሳል። ፋብሪካው ያለው አንድ የሂሳብ ኃላፊ ነው፣ እሱ ካልለቀቀ እድገት የለም፤ የስቶር ቆጠራው፣ የምርት ዋጋ ስሌቱና የግብር ሥራው ግን እጅህ ላይ ይወድቃል። ታዲያ ቃለ መጠይቁ ላይ "ከእኔ በፊት የነበረው የት ሄደ?" በል። ቢያድበሰብሱ ከስቶር ሠራተኞቹ ጋር ሻይ ጠጣ (እነሱ ሁሉንም ያውቃሉ)። የቀድሞዎቹ ሌላ ፋብሪካ ሲኒየር ሆነው ከገቡ እኔ ኮምቦልቻን እመርጣለሁ። ዓመት ሳይሞላቸው፣ ሌላ ሥራ ሳይዙ ከለቀቁ ግን ባንኩ ይሻላል።