ለወንድሜ ኮች ምስጋና፣ ባህር ዳር ጂም ለምትሠሩም ጥቆማ

ቀበሌ 14 አካባቢ አንድ ጂም ውስጥ የሚያሠለጥን ኮች አለ። ታናሽ ወንድሜን ከአመጋገብ መታወክ ያተረፈልን እሱ ነው። ስሙ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገ አልጽፈውም። ወንድሜ ግን ታሪኩ ለሌላው ይጥቀም ብሎ ፈቅዶልኛል።

ወንድሜ ካት ላይ ነበር፤ ስቡን ለማቅለጥ ምግብ ይቀንስ ነበር ማለት ነው። ዶሮ፣ እንቁላል፣ አጃ፤ ዘይት የለም፣ ስኳር የለም። ሰፈሩ ሁሉ ሲክስ ፓኩን ያደንቅለት ነበር። ኮቹ ግን ሌላ ነገር አየ። በሚያዝያ ሙቀት ሰው ሁሉ በካናቴራ ላቡ ሲንጠፈጠፍ ወንድሜ ጃኬት ደርቦ ይሠራል። ሲጨብጡት እጁ በረዶ ነው። ልምምዱን በየሳምንቱ ይጨምራል፣ የሚያነሳው ክብደት ግን ይቀንሳል። ካት ላይ ያለ ሰው ትንሽ ቢደክም ያለ ነው፤ በደንብ እየበላና እያረፈ ግን እንዲህ ቁልቁል አይወርድም።

ኮቹ ያስረዳኝን እንዳለ ልጻፈው። «ዳይቱ ጥብቅ ስለሆነ ብቻ በሽታ አይባልም። እኔ የማየው ፕሮግራሙ የተበላሸበት ቀን ሰውዬው ምን እንደሚሆን ነው።» ለውድድር የሚዘጋጅ ሌላ ሠልጣኝ አለው። ከወንድሜ የባሰ ጥብቅ ነው፤ ልደት ቤት ከተጠራ ግን ኬኩን ቀምሶ፣ ተጫውቶ፣ በማግስቱ ወደ ፕሮግራሙ ይመለሳል። ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር ጣና ዳር አሳ ጥብስ የበላ ዕለት ማታውኑ ጂም ሄዶ እስኪዘጋ ድረስ ሮጠ። በማግስቱ ምንም አልበላም። ከዚያ በኋላ ጓደኞቹ ሲደውሉለት ስልክ ማንሳት አቆመ። የበሉትን በሩጫ ወይም በረሃብ «መክፈል»፣ ከሰው ጋር መብላትን መሸሽ፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ማሰብ፤ መስመሩ የሚታለፈው እዚህ ጋ ነው።

እኛ አገር ደግሞ ጾም አለ። ጾም ላይ የማይበላን ሰው ማንም አይጠይቅም። ግን ጾም የሚፈታበት ቀን አለው። ፋሲካ ዕለት እናታችን ዶሮ ወጥ አቀረበች። ወንድሜ የደረሰውን ብልት ይዞ ተነሳና ቧንቧ ስር ወጡን አጥቦ፣ ስጋውን ሚዛን ላይ አስቀመጠው። ጾሙ ለሁላችን ሲፈታ ለእሱ አልተፈታም። ይህን ለኮቹ ስነግረው በማግስቱ ወንድሜን ለብቻው ጠራው።

«ከስተሃል» አላለውም። በዚህ ችግር ውስጥ ላለ ሰው ይህ ቃል ምርቃት ነው። «እንቅልፍህስ? ስትነሳ ያዞርሃል?» ብሎ ነው የጀመረው። ተጋድሞ ትንሽ ካረፈ በኋላ የልብ ምቱን ቆጠረ፤ በደቂቃ 44። ስፖርተኛ ምቱ ዝቅ ሊል ይችላል። ወንድሜ ሲቆም ግን ምቱ በደቂቃ ከ30 በላይ ጨመረ፣ ግድግዳም ያዘ። ጤነኛ ስፖርተኛ ሲነሳ ብዙ ጊዜ እንዲህ አይሆንም። «ሐኪም ሳያይህ ብረት አታነሳም» አለው፤ የወሩን ክፍያም መለሰለት።

ሆስፒታል ተኝቶና ቆሞ የደም ግፊቱ ተለካ፤ የልቡ ኢሲጂ ተነሳ፤ ፖታሲየሙና ፎስፌቱ በደም ታየ። ከዚያ ወደ አእምሮ ህክምና ተመላላሽ ክፍል ተላከ። እዚያ ያገኘናት ሲስተር እናታችንን «ቶሎ እንዲያገግም ብላችሁ እንዳታጎርሱት» ስትል አስጠነቀቀቻት። ብዙ ጊዜ የተራበ ሰውነት ባንዴ ብዙ ምግብ ሲያገኝ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት በድንገት ወርዶ ልብን ሊያውክ ይችላል። ስለዚህ ምግቡ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው የጨመረው። የአእምሮ ህክምናው ንግግር ደግሞ ከምግቡ ይልቅ በፍርሃቱ ላይ ነበር። ወንድሜ አሁንም ክትትል ላይ ነው። ከቤተሰብ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላል፤ አንዳንድ ቀን ይከብደዋል።

ባህር ዳር ያላችሁ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሂዱ። «የአመጋገብ መታወክ» የሚል ለብቻው የቆመ በር አትፈልጉ፤ የአእምሮ ህክምና ክፍሉን ጠይቁ። አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል አለ። ስትቀርቡ «ከስቷል» ብቻ አትበሉ። ምን ያህል ጊዜ እንደሚሮጥ፣ ምን እንደተወ፣ ከበላ በኋላ ያስመልስ እንደሆነ፣ ክኒን ወይም መርፌ ይወስድ እንደሆነ ንገሩ። ሴት ልጅ ከሆነች የወር አበባዋ ከቀረ ያንንም አትደብቁ። ራሱን የሳተ፣ ደረቱን የሚያመው ወይም መሞት እፈልጋለሁ ያለ ሰው ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ኮች፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። ሠልጣኝ ማጣትህን እያወቅህ ወንድሜን ወደ ሐኪም ልከሃል። ጂም ለመጀመር ያሰባችሁ፣ ወይም ልጃችሁ ጂም የሚሄድና የምትጨነቁ ወላጆች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ኮቹን አስፈቅጄ ከእሱ ጋር አገናኛችኋለሁ።