የተማሪን ፎቶ «እንመረምራለን» ለሚሉ ድረ ገጾች ከመክፈላችሁ በፊት

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፣ በተማሪዎች ፕሮጀክት ውስጥ የሚገቡ ፎቶዎች በሰው ሰራሽ አስተውሎት የተፈጠሩ መሆን አለመሆናቸውን «ከ90 በመቶ በላይ በሆነ ትክክለኛነት» እንለያለን የሚሉ ድረ ገጾች ለመምህራን ደንበኝነት እየሸጡ ነው። የማስተምርበት ትምህርት ቤት የአንዱን አገልግሎት ገዝቶ ለአንድ መንፈቅ ዓመት ሠርተንበታል። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው ገንዘቡን በከንቱ እንዳያወጣ ብቻ ሳይሆን፣ ስክሪን ላይ በሚወጣ ቁጥር ተማምኖ ንጹሕ ተማሪ እንዳይወነጅል ጭምር ነው።

በመጀመሪያ የማስታወቂያውን ቁጥር እንዳለ እንቀበለውና እናስላው። አገልግሎቱ ከተፈጠሩ ምስሎች 90 በመቶውን ይይዛል፣ ከእውነተኛ ፎቶዎች ደግሞ 10 በመቶውን ብቻ በስሕተት «የተፈጠረ ነው» ይላል እንበል። ተማሪዎች ካስረከቧቸው 200 ፎቶዎች ውስጥ በእርግጥ የተፈጠሩት 10 ቢሆኑ ከእነርሱ 9ኙን ያገኛል። ከቀሩት 190 እውነተኛ ፎቶዎች ግን 19ኙን ያለ ጥፋታቸው ይጠረጥራል። መምህሩ እጅ ላይ የሚደርሱት 28 ቀይ ምልክቶች ሲሆኑ 19ኙ የንጹሐን ናቸው ማለት ነው። ሻጩ ይህን ስሌት አያሳያችሁም፤ በእኛ ውል ላይ ግን በደቃቅ ፊደል «ውጤቱ እንደ ማስረጃ ሊቆጠር አይገባም» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። እንደ ማስረጃ የማይቆጠር ነገር ለመምህር ምን እንደሚጠቅም እስካሁን አልገባኝም።

በተግባር ደግሞ ችግሩ ከዚህ ይብሳል። እነዚህ መሣሪያዎች የሚፈልጉት ምስሉ ውስጥ የተደበቁ ጥቃቅን የነጥብ ቅንብሮችን ሲሆን፣ ፎቶ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ሲላክ መጠኑ ስለሚጨመቅ፣ በስክሪንሾት ሲወሰድም እንደ አዲስ ስለሚቀረጽ እነዚያ ምልክቶች ይደበዝዛሉ። በሌላ በኩል የዛሬ ስልክ ካሜራ ራሱ ፎቶውን ያስተካክላል፤ ከበስተጀርባ ያለውን ያደበዝዛል፣ ጨለማውን ያበራል፣ ዝርዝሩን ያጎላል። ስለዚህ ተማሪው በእጁ ያነሳው ፎቶ ሐሰተኛ ሊመስል፣ የተፈጠረውም በስክሪንሾት ካለፈ በኋላ እውነተኛ ሊመስል ይችላል።

በእኛ ዘንድ የሆነው ይኸው ነበር። ተማሪዎች ቦሎቄ ዘርተው እድገቱን በየጊዜው በፎቶ እንዲመዘግቡ ታዝዘው ነበር። አገልግሎቱ የአንዲት ተማሪ ፎቶ «92 በመቶ የተፈጠረ» ሲል፣ የአንድ ሌላ ተማሪን ሙሉ በሙሉ አሳለፈው። የመጀመሪያዋ ተማሪ ከበስተጀርባ ያለውን በሚያደበዝዘው የካሜራ አማራጭ አንስታ በቴሌግራም የላከች ነበረች። ዋናው ፋይል ስልኳ ውስጥ ነበር፤ ከነቀረጻ ሰዓቱ፣ ከፊትና ከኋላውም በተበላሹና በተደጋገሙ ፎቶዎች ታጅቦ። እንዲህ ያለ ዝርክርክነት፣ በእኔ ግምት፣ ከየትኛውም መቶኛ የበለጠ ይመሰክራል።

አገልግሎቱ ያሳለፈውን ተማሪ እንድንጠረጥር ያደረገን ግን ቦሎቄው ራሱ ነበር። ቦሎቄ ሲበቅል ግንዱ እንደ መንጠቆ ታጥፎ አፈሩን ይገፋና ሁለቱን የዘር ክኮች ይዞ ከአፈር በላይ ይወጣል። ከክኮቹ ቀጥለው የሚዘረጉት ሁለት ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ነጠላና የልብ ቅርጽ ያላቸው ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በሦስት የተከፈለው ቅጠል የሚመጣው ከእነርሱ በኋላ ነው። በተማሪው ፎቶ ላይ ገና አፈር የሰነጠቀ ችግኝ ክክ ሳይኖረው በሦስት የተከፈለ ቅጠል አውጥቷል። በሚቀጥለው ፎቶ ደግሞ የማሰሮው ከንፈር ላይ የነበረው ስንጥቅ ጠፍቶ ነበር። ምስል ፈጣሪው መሣሪያ ቆንጆ ችግኝ መሳል ይችላል፤ በተከታታይ ፎቶዎች ላይ ያንኑ አንድ ችግኝና ያንኑ አንድ ማሰሮ ጠብቆ ማቆየት ግን ይከብደዋል። የጣቶችን ብዛት መቁጠርና የተዛቡ ፊደላትን መፈለግ አዳዲሶቹ መሣሪያዎች እያረሟቸው ያሉ ስሕተቶችን ማሳደድ ስለሆነ ብዙ አይታመንበትም። የትምህርቱን ይዘት የሚያውቅ መምህር ዓይን ግን በቶሎ አያረጅም።

ያም ሆኖ ይህ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም። ተማሪው የፎቶዎቹን ቅደም ተከተል አዛብቶ ለጥፎ ወይም ማሰሮ ቀይሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ንግግሩ በክፍል ፊት ሳይሆን ለብቻ፣ ከክስም ሳይሆን ከጥያቄ ቢጀምር ይሻላል። «ይህን በሰው ሰራሽ አስተውሎት ነው አይደል የሠራኸው?» የሚል ጥያቄ እውነት የሚናገረውንም የሚዋሸውንም እኩል ያስክዳል። እኔ ያልኩት «ይህ ፎቶ እንዴት እንደተነሳ እስቲ ንገረኝ፤ ማሰሮው የት ነበር የተቀመጠው? በዚህ ፎቶና በዚያኛው መካከል ምን ተለወጠ?» ነበር። ቀጥሎ ስንጥቁ የነበረበትንና የሌለበትን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ ዝም አልኩ። ተማሪውም ጥቂት ቆይቶ «ቲቸር፣ የመጀመሪያው ቦሎቄ ደረቀብኝ፤ እንደገና ለመዝራት ጊዜ አልነበረኝም» አለኝ። የደረቀ ቦሎቄ በራሱ መመዝገብ የሚገባው ውጤት እንደሆነ አስቀድመን አለመናገራችንም ለዚህ አስተዋጽኦ ሳያደርግ አልቀረም። እንደገና ዘርቶ መዝግቦ እንዲያቀርብ ተደረገ።

ዋናውን ፋይል ስትጠይቁ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ስልኩን ተማሪው ራሱ ከፍቶ ያሳይ፤ የሰውን ስልክ ተቀብሎ መበርበር መምህርነት አይደለም። በቴሌግራም የሚልክ ከሆነም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ የተላከ ምስል የቀረጻ መረጃው ተወግዶ ይደርሳችኋል። መረጃው አለመኖሩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ መኖሩም ሊቀየር ስለሚችል የመጨረሻ ቃል አይደለም። በነጻ የሚሠራው contentcredentials.org/verify አንዳንድ ምስል ፈጣሪ መሣሪያዎች በፋይሉ ላይ የሚያኖሩትን የምንጭ መለያ ያነባል። መለያው ከተገኘ ጠንካራ ፍንጭ ነው፤ ስክሪንሾት ስለሚያጠፋው ግን አለመገኘቱ ለማንም ንጽሕና ምስክር አይሆንም። ከዚህ ሁሉ በኋላም ጥርጣሬው ካልጠራ፣ ተማሪው ያየውን በቃል አስረድቶ በዚያ ላይ ነጥብ ይሰጠው እንጂ በግምት አይቀነስበት። ለሽፋን ጌጥ የገባን ምስልና እንደ ምልከታ ማስረጃ የቀረበን ምስልም አንድ አድርጎ መቅጣት ተገቢ አይደለም፤ የትኛው እንደሚፈቀድ ሥራው ሲሰጥ ተጽፎ ይሰጥ።

አስቀድማችሁ ደንበኛ የሆናችሁ ካላችሁ፣ «ነጻ ሙከራ» ተብሎ የተሰጠው ጊዜ ሲያልቅ ክፍያው በራሱ የሚታደስ መሆኑን ውሉ ላይ ፈልጉ። የእኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ታድሶ፣ ገንዘቡ ይመለስልን ብንል «አገልግሎቱ ተጀምሯል» የሚል መልስ ነው ያገኘነው። መሰረዣው በቅንብሩ ውስጥ ርቆ የተቀመጠ ስለሆነ ከሰረዛችሁ በኋላ የማረጋገጫ መልእክቱን አስቀምጡ። ከመሰረዛችሁ በፊት ግን የጫናችኋቸውን የተማሪዎች ፎቶዎች ከአካውንቱ አጥፉ፣ ድርጅቱም ከራሱ ቋት እንዲያጠፋቸው በጽሑፍ ጠይቁ፤ በብዙዎቹ ላይ የልጆች ፊት አለ፣ ወላጆቻቸውም ይህን አልፈቀዱም።