ፕሪንትፉል ወይስ ፕሪንቲፋይ? የአማርኛ ቲሸርት ኦንላይን ለሚሸጥ ሰው

አሜሪካ ሆኖ ኤትሲ ላይ አማርኛ የተጻፈበት ቲሸርት መሸጥ ያሰበ ሰው ዲዛይኑን ከጨረሰ በኋላ ቶሎ የሚገጥመው ጥያቄ ማን ያትምልኝ ነው፣ እና ብዙውን ጊዜ ምርጫው ፕሪንትፉል ወይ ፕሪንቲፋይ ላይ ይደርሳል። ሁለቱም ሰው ሲያዝ ያቺን አንዷን ቲሸርት አትመው በእናንተ ሱቅ ስም ደንበኛው ቤት ድረስ ይልካሉ፣ እናንተ እቃ ገዝታችሁ ቤት አትከምሩም። የሁለቱም መነሻ ላትቪያ ነው፣ በ2024 መጨረሻ አካባቢም እንደሚዋሃዱ አሳውቀዋል፣ ሰርቪሱ ግን ለየብቻ ነው፣ ስለዚህ መምረጥ አይቀርም።

ትልቁ ልዩነታቸው እዚህ ጋር ነው። ፕሪንትፉል የራሱ ማተሚያ ቦታዎች አሉት፣ አብዛኛውን ስራ ራሱ ያትማል። ፕሪንቲፋይ ደላላ በሉት፣ ራሱ አያትምም፣ ከብዙ ማተሚያ ቤቶች ጋር ያገናኛችኋል፣ ዝርዝሩን ከፍታችሁ ዋጋውን፣ ያለበትን አገርና የሚፈጅበትን ቀን አይታችሁ አንዱን ትመርጣላችሁ። ስለዚህ "ፕሪንቲፋይ ጥራቱ እንዴት ነው" ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፣ መጠየቅ ያለበት እዛ ውስጥ የመረጣችሁት ማተሚያ ቤት እንዴት ነው የሚለው ነው፣ አንዱ በጣም ጎበዝ ሆኖ ሌላው አሳፋሪ ሊሆን ይችላል።

የትኛው ይሻላችኋል የሚለውን የሚወስነው ግን በዋናነት ኒሻችሁ፣ ማለትም ለየትኞቹ ሰዎች ነው የምትሸጡት የሚለው ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው አያየውም። "ሀበሻ" ብቻውን ኒሽ አይደለም፣ ባንዲራና ካርታ ያለበት ቲሸርት ሰርች አድርጉና ስንት ገጽ እንደሚወጣ እዩት። (የክለብ ሎጎ፣ የዘፋኝ ፎቶ፣ የዘፈን ግጥም አትንኩ፣ ሱቅ ያዘጋል።) ጠበብ ያለ ነገር ነው የሚሸጠው። ለምሳሌ ሁለት እንውሰድ። አንደኛው ሀበሻ ነርሶች የሚለብሱት ቲሸርት ነው፣ አንድ ሰው አንድ ፍሬ ያዛል፣ ቀን የለውም፣ አመቱን ሙሉ ይሸጣል፣ ሶስት ቀን ቢዘገይ ማንም አይሞትም። ሁለተኛው ለእንቁጣጣሽ ቤተሰቡ በሙሉ ተመሳሳይ የሚለብሰው ነው፣ "እማዬ" "አባዬ" "ማሙሽ" እየተባለ፣ አንድ ትእዛዝ ውስጥ ለአባት ኤክስኤል፣ ለእናት ሚዲየም፣ ለአራት አመት ልጅ ትንሿ፣ ለህፃኑ ደግሞ ቦዲ ሱት አለ፣ ሁሉም አንድ አይነት ቀለም ሆኖ ከበዓሉ በፊት ባንዴ መድረስ አለበት።

ይሄ ሁለተኛው ፕሪንቲፋይ ላይ ሰው የሚቸገርበት ነው። ለአዋቂ የመረጣችሁት ርካሽ ማተሚያ ቤት የልጅና የህፃን መጠን በዛው ቀለም ላይኖረው ይችላል፣ ያኔ የልጁን ከሌላ ማተሚያ ቤት ታደርጋላችሁ፣ አንዱ ትእዛዝ ለሁለት ይከፈላል ማለት ነው፣ ሁለት ሺፒንግ ትከፍላላችሁ፣ ሁለት ፓኬት በተለያየ ቀን ይደርሳል፣ አረንጓዴውም እኩል ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የቤተሰብ ዲዛይን ከመስራታችሁ በፊት አንዱ ማተሚያ ቤት አራቱንም እንዳለው እዩ፣ ቤላ ካንቫስ ከሆነ የአዋቂው 3001፣ የትልልቅ ልጆች 3001Y፣ የትንንሾቹ 3001T፣ የህፃኑ 100B ነው የሚባለው፣ በነዚህ ቁጥሮች ፈልጉ። ፕሪንትፉልም አልፎ አልፎ ከሁለት ቦታ ይልካል፣ ግን ቢያንስ የምታናግሩት አንድ ድርጅት ነው። ሌላ ደግሞ ፕሪንቲፋይ ላይ ማተሚያ ቤቱ እቃ ሲያልቅበት ትእዛዙን ወደ ሌላ የሚያዞር ሴቲንግ አለ። ለነርሶቹ ቲሸርት ጥሩ ነገር ነው፣ ለቤተሰቡ ግን አጥፉት፣ ሳምፕሉን አይታችሁ ያጸደቃችሁት ማተሚያ ቤት ሌላ፣ የሚያትመው ሌላ እንዳይሆን።

ሞክአፕ፣ ማለትም ዲዛይናችሁን በኮምፒውተር ቲሸርት ላይ አስቀምጦ የሚያሳይ ምስል፣ ሁለቱም ጥሩ አድርገው ይሰጧችኋል፣ ችግሩ ያ ምስል የታተመ ነገር አለመሆኑ ነው። ስክሪን ላይ የሚያበራው ቀይና አረንጓዴ ጥቁር ቲሸርት ላይ ሲታተም ትንሽ ጠቆር ብሎ ነው የሚወጣው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ነጭ ቀለም ይነጠፍና ከላዩ ላይ ነው ሌላው ቀለም የሚረጨው። ደግሞ ብዙ ጊዜ ያው አንዱ ፋይል ነው ለስሞሉም ለስሪኤክስኤሉም የሚታተመው፣ ሞክአፑ ላይ ያለችው ቀጭን ልጅ ደረቷን የሞላው "እንኳን አደረሳችሁ" ትልቅ ቲሸርት ላይ መሀል ላይ የተለጠፈች ትንሽ ጽሁፍ ትሆናለች። በትንሹ አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ ሳምፕል አዛችሁ ሰው አልብሳችሁ መስኮት አጠገብ ፎቶ አንሱ፣ ያንን ሊስቲንጉ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች አንዱ አድርጉት። የተጨማደደች ብትሆንም እውነተኛዋ ትሻላለች፣ ምክንያቱም የሞክአፑን ሞዴል መቶ ሱቅ ውስጥ አይቷታል ደንበኛው።

የፊደላችን ነገር ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ፋይሉን 12 በ16 ኢንች፣ በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም 3600 በ4800 ፒክስል፣ ባክግራውንድ የሌለው ፒኤንጂ አድርጉ፣ የነሱን የጽሁፍ መጻፊያ ሳይሆን በራሳችሁ ፕሮግራም ጽፋችሁ። ፎንቱ ቀጭን ከሆነ ጉድ ነው። ቤ ላይ ያለችው ትንሿ ቀለበት በቀለም ከተሞላች ቢ ትመስላለች፣ ሌ ሊ ትሆናለች፣ "ቤቴ" ብላችሁ የጻፋችሁት "ቢቲ" ተብሎ ይነበባል፣ ሞክአፑ ላይ ግን ጥርት ብላ ነው የምትታየው! ወፈር ያለ ፎንት ተጠቀሙ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ቦልዱ ጥሩ ነው፣ ጥላና ደብዘዝ ያለ ጠርዝም አትጨምሩ፣ ግማሽ ግልጽ የሆነ ፒክስል ስር ነጩ ቀለም ነጠብጣብ እየሆነ ይወጣል። ሳምፕሉ ሲመጣ መጀመሪያ የምታዩት ኃምስ ፊደሎቹን ነው፣ ቤ፣ ሌ፣ ሴ፣ ቴ፣ ቀለበታቸው ክፍት ነው ወይ፣ ከዛ ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውሀ ሁለት ሶስቴ አጥባችሁ እንደገና እዩ።

ሳምፕል ስታዩ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ፣ ጥቁር ቲሸርት ላይ በፕሪንቱ ዙሪያ አራት ማእዘን የሆነ ደብዛዛ ምልክትና ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ሽታ። ይሄ ቀለሙ እንዲይዝ ከመታተሙ በፊት የሚረጨው ኬሚካል ነው፣ አንዴ ሲታጠብ አብዛኛውን ጊዜ ይሄዳል፣ ሊስቲንጉ ላይ "ከመልበስዎ በፊት ይጠቡት" ብላችሁ ጻፉ። ታጥቦም ካልሄደ፣ ወይ ጽሁፉ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ፣ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። ሁለቱም ጋር የህትመት ስህተትን እቃው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ካሳወቃችሁ በነፃ ደግመው ያትማሉ ወይ ገንዘቡን ይመልሳሉ። ደንበኛው መጠን ተሳስቶ ካዘዘ ግን የሁለቱም መልስ አይመለከተንም ነው፣ ስለዚህ የመጠን ሰንጠረዡን በኢንች ከፎቶዎቹ መሀል አስገቡት።

ወደ ብሩ እንምጣ፣ ዋጋ ስለሚቀያየር ለምሳሌ ያህል ብቻ ነው። በ28 ዶላር ሺፒንግ ጨምራችሁ ሸጣችሁ እንበል። ኤትሲ ለሊስቲንጉ 20 ሳንቲም፣ 6.5 ፐርሰንት ኮሚሽን፣ ለክፍያው 3 ፐርሰንትና 25 ሳንቲም ይወስዳል፣ ተደምሮ 3 ዶላር ከ11 ሳንቲም። ፕሪንትፉል ቲሸርቱና ሺፒንጉ 16.75 ቢሆን 8.14 ይቀራችኋል፣ ፕሪንቲፋይ ውስጥ ያለ ረከስ ያለ ማተሚያ ቤት 14.25 ቢያስከፍል 10.64። ልዩነቱ 2 ዶላር ከ50 ነው። ቀላል አይደለም፣ ግን በማርፈዱ የተናደደ ደንበኛ አንድ ቲሸርት በራሳችሁ ወጪ ካስደገማችሁ የስድስት ቲሸርት ልዩነት ባንዴ ሄደ። ለነርሶቹ ፕሪንቲፋይ ያዋጣል የምለው፣ ለእንቁጣጣሹ ግን ፕሪንትፉል የምለው ለዚህ ነው።

አሁን መዘግየቱ። የእንቁጣጣሽ ችግር አሜሪካኖቹ ሌበር ዴይ የሚያከብሩት በዛው ሳምንት አካባቢ መሆኑ ነው፣ ያን ቀን ማተሚያ ቤትም ፖስታም ዝግ ነው። 2026ን ውሰዱ፣ በዓሉ አርብ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ሌበር ዴይ ሰኞ 7። ለማተም እስከ 5 የስራ ቀን፣ ለመድረስ ሌላ 5 ብለን እንያዝ። ኦገስት 31 ያዘዘ ሰው ቲሸርቱ ሴፕቴምበር 8 ነው ከማተሚያ ቤት የሚወጣው፣ 15 ላይ ይደርሰዋል፣ አለቀ በቃ። ኦገስት 24 ያዘዘ ሴፕቴምበር 8 ይደርሰዋል፣ ግን ተበላሽቶ ቢመጣ መድገሚያ ቀን የለም። ተበላሽቶ ተደግሞም እንዲደርስ ከተፈለገ ማዘዝ ያለበት እስከ ኦገስት 10 ነው። እኔ ብሆን ኦገስት 10 እና 24ን ሊስቲንጉ አናት ላይ እጽፋቸዋለሁ፣ ከ24 በኋላ ደግሞ ሊስቲንጉን እዘጋዋለሁ። የእኛ ገና ደግሞ ከዚህ ይብሳል፣ ማተሚያ ቤቶቹ ዲሴምበርን በፈረንጆቹ ገና ትእዛዝ ተጨናንቀው ነው የሚያሳልፉት፣ ኖቬምበር ላይ ካልሸጣችሁ ተዉት።

ደንበኛ "የት ደረሰ" ሲል መጀመሪያ ትራኪንጉን ክፈቱ። ፖስታው Pre-Shipment እያለ ሶስት ቀን ከቆመ እቃው ገና ማተሚያ ቤቱ ጋር ነው፣ ወረቀቱ ብቻ ነው የታተመው፣ ፖስታ ቤት ደውላችሁ አትድከሙ፣ አታሚውን ጠይቁ። ፕሪንቲፋይ ላይ ይሄ ጥያቄ በመሀል አልፎ ነው ማተሚያ ቤቱ ጋር የሚደርሰው፣ ስለዚህ መልሱ ይዘገያል።

ለአሜሪካ ደንበኛ አሜሪካ ውስጥ የሚያትም ምረጡ፣ ከኦገስት 2025 መጨረሻ ጀምሮ ከውጪ የሚገባ ትንሽ ፓኬትም ከቀረጥ ነፃ መሆኑ ቀርቷል። አውሮፓ ላሉት ፕሪንትፉል ሪጋና ባርሴሎና ያትማል፣ ፕሪንቲፋይ ከሆነ አውሮፓ ያለ ማተሚያ ቤት መርጣችሁ ለብቻው ሊስቲንግ ስሩለት። ኢትዮጵያን ግን ከሺፒንግ ዝርዝራችሁ አውጧት፣ ቲሸርቷ ካወጣችው በላይ ለመላኪያና ለቀረጥ ይከፈላል። አዲስ አበባ ላለች እናቱ ማዘዝ የፈለገ ሰው ወደራሱ አድራሻ ያስመጣና በሚሄድ ሰው ሻንጣ ይላክላት፣ ይሄንንም ሊስቲንጉ ላይ በአማርኛ ጻፉት።