ባለ ማስታወቂያው እና ዝምተኛው፦ ሁለት የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌሮች በአንድ ቃለ መጠይቅ ሲፈተኑ

የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌሮችን የሚያነጻጽር ሰው ብዙውን ጊዜ የሁለቱን አገልግሎቶች በሰንጠረዥ ዘርዝሮ፣ ያለውን በምልክት የሌለውን በባዶ ቦታ ያሳያል። እኔ ግን ንጽጽሩን በአንዲት ወጣት ኤዲተር ታሪክ በኩል ለማቅረብ መርጫለሁ፤ ምክንያቱም እሷ የገዛችው ሶፍትዌር በእንዲህ ዓይነቱ ሰንጠረዥ ላይ ቢቀርብ አንድም ምልክት አይጎድልበትም ነበር። ማስታወቂያው «ማንኛውንም ፋይል ይቀበላል» ይላል፣ ሶፍትዌሩም ይቀበላል። «ድምፅና ምስልን በአንድ ጠቅታ ያገጣጥማል» ይላል፣ ቁልፉም በቦታው አለ። ይህን ሶፍትዌር «ባለ ማስታወቂያው» እለዋለሁ። ከጎኑ የማስቀምጠው ሌላው፣ መልኩ ያረጀና ስለ ራሱ ብዙም የማያወራ ስለሆነ፣ «ዝምተኛው» ይባል።

ወጣቷ ኤዲተር በሙያው ሁለተኛ ዓመቷን የያዘች ስትሆን፣ ባለ ማስታወቂያውን የገዛችው የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ እንድታዘጋጅ ሥራ በተቀበለች ማግስት ነው። ቀረጻው የተከናወነው በሦስት መሣሪያዎች ነበር፤ አንድ ካሜራ ተጠያቂውን ከፊት ለፊት፣ አንድ ስልክ ከጎን ይቀርጹ ነበር፤ ጥራት ያለው ድምፅ ደግሞ ለብቻው በድምፅ መቅረጫ ተይዟል። ሦስቱንም ወደ ሶፍትዌሩ አስገብታ የማገጣጠሚያውን ቁልፍ ስትጫን፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሥራው መጠናቀቁን የሚያበስር አረንጓዴ መልእክት መጣላት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ተመለከተች፤ ከንፈርና ቃል አልተለያዩም። ከዚያ በኋላ ለአሥራ ስድስት ቀናት ያህል ከፊት ለፊቱ ካሜራ ምስል ጋር ብቻ ስትሠራ ቆየች፤ ይህም በዚህ ሙያ ያልተለመደ አይደለም፤ ታሪኩ መጀመሪያ በአንድ ካሜራ ይቆረጣል፣ የጎን ምስሉ የሚገባው በኋላ ነው።

ችግሩን ያየችው ወደ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ስትደርስ ነው። በስልኩ ምስል ላይ ተጠያቂው ንግግሩን ጨርሶ አፉን ገጥሟል፤ ድምፁ ግን ገና ዓረፍተ ነገሩን አልፈጸመም። ልዩነቱን ስትለካው 3.6 ሰከንድ ሆነ። ወደ መካከሉ፣ 30ኛው ደቂቃ ላይ ተመልሳ ስትለካ 1.2 ሰከንድ አገኘች። የመጀመሪያ ግምቷ ቁልፉ አልሠራም የሚል ነበር፤ ስለዚህም ደጋግማ ተጫነችው፣ በእያንዳንዱ ጊዜም ያው አረንጓዴ መልእክት መጣ።

ይህ መልእክት ውሸት አልነበረም፤ የዚህ ንጽጽር ዋና ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። በአንድ ጠቅታ የሚሠራው ማገጣጠሚያ ምስል አይመለከትም። በስልኩ ፋይል ውስጥ ያለውን ድምፅ ከመቅረጫው ድምፅ ጋር ያነጻጽርና የሞገዱ ቅርጽ የሚመሳሰልበትን ቦታ ፈልጎ ሁለቱን ያጣብቃል። የስልኩ ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከመቅረጫው ጋር ተገጣጥሞ ነበር። የተንሸራተተው የስልኩ ምስል ከራሱ ከስልኩ ድምፅ ነው።

ቪዲዮ ፍሬም የሚባሉ ነጠላ ምስሎች በፍጥነት ሲከታተሉ የሚፈጠር ነው። ስልኮች «በሰከንድ 30 ፍሬም» ተብለው ሲቀርጹ ያ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ግብ እንጂ የጸና መጠን አይደለም። የክፍሉ ብርሃን ሲደክም ወይም የስልኩ ሥራ ሲበዛ አንዳንድ ፍሬሞች ይዘገያሉ፣ አንዳንዶቹም ጨርሰው አይቀረጹም። ስልኩ ይህን አይደብቅም፤ እያንዳንዱ ፍሬም በየትኛው ቅጽበት መታየት እንዳለበት በፋይሉ ውስጥ ይጽፋል። እንዲህ ያለው ፋይል ተለዋዋጭ የፍሬም ፍጥነት ያለው ይባላል። የወጣቷ ኤዲተር ፋይል በአንድ ሰዓት ውስጥ 108,000 ፍሬሞች ሊኖሩት ሲገባ የነበሩት 107,892 ነበሩ። ከጎደሉት 108 ፍሬሞች 36ቱ በመጀመሪያው አጋማሽ፣ 72ቱ ደግሞ ፀሐይ ጠልቃ ክፍሉ በጨለመበት በሁለተኛው አጋማሽ የጎደሉ ናቸው። ባለ ማስታወቂያው የተጻፈውን የጊዜ ምልክት ትቶ፣ ያሉትን ፍሬሞች በሰከንድ 30 እያደረገ ተራ በተራ ደረደራቸው። 107,892 ለ30 ሲካፈል 3,596.4 ሰከንድ ይሆናል፤ ምስሉ ከድምፁ 3.6 ሰከንድ ቀድሞ ያለቀው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ያንኑ የስልክ ፋይል ዝምተኛው ውስጥ ስታስገባው ወዲያው አይቀበልም። የፋይሉ የፍሬም ፍጥነት ተለዋዋጭ መሆኑን ገልጾ፣ ቋሚ ፍጥነት ያለው ቅጂ ይዘጋጅ እንደሆነ ይጠይቃል። ከተፈቀደለት የጎደለው ፍሬም በነበረበት ቦታ ከፊቱ ያለውን ፍሬም ደግሞ በማስገባት 108,000ውን ይሞላል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተበተኑ 108 ድግግሞሾችን ዓይን ለይቶ አያያቸውም። ዋጋው ትዕግሥት ነው። በወጣቷ ኤዲተር ኮምፒውተር ላይ ቅጂውን ማዘጋጀት 50 ደቂቃ የፈጀ ሲሆን፣ ቅጂው በዲስኩ ላይ የያዘው ቦታም ከዋናው ፋይል በብዙ ይበልጣል። «ማንኛውንም ፋይል ይቀበላል» የሚለው ቃል ለገዢ ያለውን ፋይዳ የምመዝነው በዚህ ነው፤ ፋይሉን ሳይጠይቅ ከሚቀበለው ይልቅ ለመቀበል የሚያንገራግረው የተሻለ አገልግሎት ሰጥቷል።

ምናልባት አንባቢ፣ የተንሸራተተውን ምስል ቆራርጦ በእጅ ማስተካከል አይቻልም ወይ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ወጣቷ ኤዲተርም የሞከረችው ይህንኑ ነው። አንድ ሰዓቱን በየ5 ደቂቃው ከፍላ የእያንዳንዱን ክፍል መነሻ ከድምፁ ጋር ገጠመችው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው አጋማሽ እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ 0.2 ሰከንድ፣ በሁለተኛው አጋማሽ 0.4 ሰከንድ መንሸራተቱ አልቀረም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት፣ ድምፅ ከምስል በ0.125 ሰከንድ ሲዘገይ ተመልካች ልዩነቱን ማስተዋል ይጀምራል፤ ድምፅ ሲቀድም ደግሞ 0.045 ሰከንድ ይበቃል። በእሷ ቪዲዮ የሚዘገየው ድምፁ ስለሆነ፣ ከ0.125 ሰከንድ ላለማለፍ የመጀመሪያውን አጋማሽ በየ3 ደቂቃው፣ ሁለተኛውን በየአንድ ደቂቃ ተኩሉ መቁረጥ ነበረባት፤ ይህም 30 ቁራጭ ነው፣ እያንዳንዱም በዓይንና በጆሮ መፈተሽ አለበት።

ሁለተኛው ልዩነት ትንሽ ቢመስልም በግዢ ጊዜ በቀላሉ የሚታይ ነው። የካሜራውና የመቅረጫው የውስጥ ሰዓቶች ፍጹም እኩል ስለማይሄዱ፣ በዚህ ቀረጻ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድምፁ በ0.1 ሰከንድ ቀድሟል። ይህን ለማረም የድምፁን ፍጥነት በመቶኛ ሦስት ሺሕኛ ብቻ መቀነስ፣ ማለትም 99.997 ብሎ መጻፍ ይበቃል። የዝምተኛው የፍጥነት ሳጥን እንዲህ ያለውን ቁጥር ይቀበላል። ባለ ማስታወቂያው የሚቀበለው ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከ100 ቀጥሎ ያለው 99 ሲሆን፣ ይህም አንዱን ሰዓት በ36 ሰከንድ ያህል ያስረዝመዋል።

ባለ ማስታወቂያው ከንቱ ነው ብል ግን ሚዛኔን አጣለሁ። የጽሑፍ ማስዋቢያዎቹ ያማሩ ናቸው፤ የዝምተኛው በአንጻሩ ለማየት እንኳ ያስቸግራሉ፣ ጀማሪም መጀመሪያ ቀን ዝምተኛውን ከፍቶ ምን እንደሚነካ ግራ ይገባዋል። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው፣ ከላይ ባየነው በባሰው ጊዜ እንኳ መንሸራተቱ 0.08 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ ማንም ሳያስተውለው ያልፋል። በቃለ መጠይቅ፣ በትምህርትና በስብሰባ ቀረጻ ላይ ለሚውል ሰው ግን ዝምተኛውን ያለማመንታት እመክራለሁ።

ባለ ማስታወቂያውን አስቀድሞ የገዛ ሰው ገንዘቡ ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም። ፋይሉን፣ የቪዲዮ ፋይልን ዝርዝር መረጃ በሚያሳየውና በነጻ በሚገኘው `MediaInfo` ከፍቶ `Frame rate mode` በሚለው መስመር ትይዩ `Variable` የሚል ካየ፣ ወደ ሶፍትዌሩ ከማስገባቱ በፊት፣ በጽሑፍ ትእዛዝ በሚሠራው የቪዲዮ መለወጫ በ`ffmpeg` ቋሚ ቅጂ ሊያዘጋጅ ይችላል፦

```
ffmpeg -i side.mp4 -vf fps=30 -c:v libx264 -crf 18 -c:a pcm_s16le -ar 48000 side_30.mov
```

ይህ ትእዛዝ ዝምተኛው የሚሠራውን ዓይነት ሥራ ይሠራል፤ የጎደለውን ፍሬም በድግግሞሽ ይሞላል፣ ድምፁንም ሳይጨመቅ ያወጣል። ወጣቷ ኤዲተርም የመጀመሪያውን መፍትሔ ያገኘችው እንዲሁ ነው፤ ዝምተኛውን የሞከረችው ከዚያ በኋላ፣ ለሚቀጥለው ሥራ ነበር።

ገና ያልገዛ ሰው ማድረግ ያለበት ፈተና አንድ ነው። በሙከራ ጊዜው በራሱ ስልክ፣ ብርሃኑ በማይበዛበት ክፍል፣ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አንድ የሚናገር ሰው ይቅረጽ፤ ሰውየውም በመጀመሪያ፣ በመካከልና በመጨረሻ አንድ አንድ ጊዜ ያጨብጭብ። ከተገጣጠመ በኋላ በሦስቱም ቦታ እጆቹ የተገናኙበት ፍሬምና የጭብጨባው ድምፅ አንድ ላይ መውደቃቸው ይታይ። የመጀመሪያው ጭብጨባ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የሙከራው ቅጂ ከአምስት ደቂቃ በላይ አላወጣም የሚል ከሆነ እንኳ፣ ምስሉና ድምፁ በተደረደሩበት ታይምላይን ላይ ማየት ይበቃል።

ወጣቷ ኤዲተር ገንዘቧ እንዲመለስላት ለሻጩ ጽፋ ነበር። የመመለሻው ጊዜ 14 ቀን ሲሆን እሷ ችግሩን ያየችው በ16ኛው ቀን ነው፤ በምላሹም ሶፍትዌሩ የሚሠራው ቋሚ የፍሬም ፍጥነት ላላቸው ፋይሎች መሆኑ በእገዛ ገጹ ላይ ተጽፏል ተባለች። ገጹን ፈልጋ አገኘችው፤ እውነትም ተጽፏል። በዚያው ምሽት ማስታወቂያውን ደግማ ተመለከተችው። ተራራ፣ የሚሮጥ ፈረስ፣ የሚቆረጥ ፍራፍሬ፣ ዳንስ ያሳያል፤ ከአራት ሰከንድ በላይ የሚቆይ ምስል የለውም፣ አፉን ከፍቶ የሚናገር ሰውም በውስጡ አንድም አልነበረም።